ያለ ዕድሜ የሚዳከም ኦቫሪ፦ የሆርሞን ምትክ ሕክምና ለአጥንትና ለልብ ለምን ያስፈልጋል?

አንዲት ሴት 40 ዓመት ሳይሞላት የወር አበባዋ ሲዛባ ወይም ሲቆም፣ ብዙ ጊዜ ቀድሞ የሚነሳው ጥያቄ ልጅ መውለድን የሚመለከት ነው። ይሁን እንጂ የእንቁላል ማምረቻው፣ በሕክምና መጠሪያው ኦቫሪ፣ ሥራው እንቁላል ማዘጋጀት ብቻ አይደለም። ኤስትሮጅን የተሰኘውን ሆርሞን የሚያመነጨውም እርሱ ነው። ይህ ሆርሞን አጥንት እንዳይሳሳ፣ የደም ሥሮችም እንዳይደነድኑ ይረዳል። ኦቫሪ ያለጊዜው ሲዳከም ሰውነት ለዓመታት ሊያገኘው ይገባ የነበረውን ኤስትሮጅን ያጣል።

ያለ ዕድሜ የኦቫሪ መዳከም የሚባለው ይህ የጤና ችግር ነው። ለረጅም ጊዜ ከ100 ሴቶች አንዷን ያጋጥማል ተብሎ ሲጠቀስ ቆይቷል። የአውሮፓ የሥነ ተዋልዶና ፅንስ ጥናት ማኅበር፣ የአሜሪካ የሥነ ተዋልዶ ሕክምና ማኅበርና ዓለም አቀፉ የማረጥ ማኅበር ከሌሎች ባለሙያዎች ጋር በ2024 ያወጡት መመሪያ ግን ቁጥሩን ወደ 3.5 በመቶ ከፍ አድርጎታል። ዕድሜ ዝቅ ባለ ቁጥር ችግሩ እየቀነሰ ይሄዳል፤ ከ30 ዓመት በታች ባሉት ላይ ከ1,000 ሴቶች በአንዷ ላይ ገደማ ይታያል።

መመሪያው የሚሰጠው ዋነኛ ምክር የሚከለክል ሌላ ምክንያት ከሌለ በቀር፣ የጎደለው ሆርሞን ሴቷ በተፈጥሮ እስከምታርጥበት ዕድሜ ድረስ በመድኃኒት እንዲተካ ነው። ይህ ምክር ትኩሳትና የሌሊት ላብ ለማይሰማቸው ሴቶችም ጭምር የሚሠራ ነው። ምክንያቱን ለመረዳት በመጀመሪያ በኦቫሪ ውስጥ ምን እንደሚከናወን ማየት ያስፈልጋል።

ከተለመደው ማረጥ በምን ይለያል?

አንዲት ሴት ልጅ ስትወለድ በኦቫሪዎቿ ውስጥ ከአንድ እስከ ሁለት ሚሊዮን የሚደርሱ፣ እንቁላል የያዙ ጥቃቅን ከረጢቶች ይኖሯታል። ለአቅመ ሔዋን ስትደርስ ቁጥራቸው ወደ 300 እና 400 ሺህ ዝቅ ይላል። ከዚያ በኋላም በየወሩ እየቀነሱ ሄደው፣ በአማካይ በ50 ዓመት አካባቢ ሊያልቁ ሲቃረቡ የወር አበባ ይቆማል። ይህ ተፈጥሯዊው ማረጥ ነው።

ያለ ዕድሜ የኦቫሪ መዳከም ሲያጋጥም ከሁለት ነገሮች አንዱ ይከሰታል። ወይ ከረጢቶቹ ከተለመደው በላይ ፈጥነው ያልቃሉ፣ ወይም ደግሞ ቢኖሩም ከአንጎል ለሚላክላቸው ትእዛዝ ምላሽ መስጠት ያቆማሉ። ትእዛዙን የሚያስተላልፈው ከአንጎል ሥር ያለው ፒቱታሪ የተባለ ዕጢ ሲሆን፣ ለዚህ የሚጠቀምበት ሆርሞን ኤፍኤስኤች ይባላል። ኦቫሪ በአግባቡ ሲሠራ ኤስትሮጅን ያመነጫል፤ ፒቱታሪም ይህን አይቶ የኤፍኤስኤችን መጠን ይገድባል። ኦቫሪ መልስ ሲያጣ ግን ፒቱታሪ ድምፁን ከፍ አድርጎ እንደሚጣራ ሰው ኤፍኤስኤችን አብዝቶ ይለቃል። በደም ምርመራ የሚታየው ከፍተኛ ኤፍኤስኤች የዚህ ጥሪ ምልክት ነው።

በ1942 አሜሪካዊው ሐኪም ፉለር አልብራይትና ባልደረቦቹ በወጣት ሴቶች ላይ ያዩትን ይህን ሁኔታ ሲገልጹ፣ ኦቫሪው ራሱ መዳከሙን የሚያመለክት መጠሪያ ሰጥተውታል። በኋላ ላይ "ያለ ዕድሜ ማረጥ" እና "የኦቫሪ መክሸፍ" የሚሉ ስያሜዎች ቢለመዱም ባለሙያዎች አሁን "መዳከም" የሚለውን ይመርጣሉ። ምክንያቱም ኦቫሪው ብዙ ጊዜ ጨርሶ አይዘጋም። ለወራት ጸጥ ብሎ ቆይቶ ሳይታሰብ እንደገና ሊሠራ፣ እንቁላልም ሊለቅ ይችላል። ችግሩ ካለባቸው ሴቶች 5 በመቶ ያህሉ ያለ ምንም የመካንነት ሕክምና ሊያረግዙ የሚችሉትም በዚህ የተነሳ ነው።

መንስኤዎቹ

በአብዛኞቹ ሴቶች ላይ ምርመራው ሁሉ ተደርጎም መንስኤው አይታወቅም። ከሚታወቁት መካከል ቀዳሚው ከዘር የሚመጣው ነው። ተርነር ሲንድረም የተባለው ሁኔታ ሴት ልጅ ሁለት ኤክስ ክሮሞዞም በመያዝ ፈንታ አንዱ ሲጎድላት ወይም ጉድለት ሲኖርበት የሚከሰት ነው፤ ከ2,000 እስከ 2,500 ከሚወለዱ ሴቶች በአንዷ ላይ ይታያል። ብዙውን ጊዜ ልጅቷ ቁመቷ አጭር ይሆናል፣ የወር አበባዋም ላይጀምር ይችላል።

ሌላው ፍራጃይል ኤክስ ከተባለው የአእምሮ ዕድገት ችግር ጋር የተያያዘ የዘር ለውጥ ነው። ለውጡን ሙሉ በሙሉ ሳይሆን በከፊል የያዙ ሴቶች ራሳቸው ጤነኞች ሆነው፣ ከአምስቱ አንዷ ያህል ኦቫሪዋ ያለ ዕድሜ ይዳከማል። ይህ ለውጥ በቤተሰብ ውስጥ የሚተላለፍ በመሆኑ መገኘቱ ለእህቶችና ለሌሎች ዘመዶችም ትርጉም አለው።

የሰውነት በሽታ ተከላካይ ሥርዓት ተሳስቶ የገዛ ራሱን ኦቫሪ የሚያጠቃበት ጊዜም አለ። እንዲህ ያለው ችግር ካለባቸው ሴቶች ብዙዎቹ የታይሮይድ ዕጢ በሽታ አብሮ ይኖራቸዋል። ጥቂቶቹ ላይ ደግሞ ከኩላሊት በላይ ያሉት አድሬናል ዕጢዎች ይጠቃሉ። ይህ በጊዜው ካልታወቀ የደም ግፊትን በድንገት አውርዶ ሕይወትን አደጋ ላይ የሚጥል ስለሆነ፣ ሐኪሞች ለብቻው ይፈልጉታል።

ከዚህ ውጭ ያለው ሕክምና ራሱ የሚያስከትለው ነው። ለካንሰር የሚሰጡ አንዳንድ የኬሞቴራፒ መድኃኒቶች፣ በተለይም ሳይክሎፎስፋማይድን የመሳሰሉት፣ እንዲሁም ዳሌ አካባቢ የሚሰጥ የጨረር ሕክምና ከረጢቶቹን ይገድላሉ። ሁለቱም ኦቫሪዎች በቀዶ ሕክምና ሲወጡ ደግሞ የኤስትሮጅን መጠን በቀናት ውስጥ ያሽቆለቁላል፤ ምልክቶቹም የበለጠ ይጠነክራሉ።

እንዴት ይታወቃል?

የመመሪያው መስፈርት ሁለት ነገሮችን አጣምሮ የያዘ ነው። አንደኛው ዕድሜዋ ከ40 በታች የሆነች ሴት የወር አበባዋ ቢያንስ ለአራት ወራት መዛባቱ ወይም መቅረቱ ነው። ሁለተኛው በደሟ ውስጥ ያለው ኤፍኤስኤች በአንድ ሊትር ከ25 ዓለም አቀፍ ዩኒት በላይ መሆኑ ነው። ቀደም ሲል የደም ምርመራው ከአራት ሳምንታት በኋላ የግድ መደገም ነበረበት። የ2024ቱ መመሪያ ግን አንድ ግልጽ ውጤት በቂ ነው ይላል፤ ጥርጣሬ ሲኖር ብቻ ከአራት እስከ ስድስት ሳምንታት ቆይቶ ይደገማል።

ከዚያ በፊት ግን ሌሎች ምክንያቶች መወገድ አለባቸው። የመጀመሪያው እርግዝና ነው። ከዚያም የታይሮይድ ሆርሞንና ጡት ወተት እንዲያመርት የሚያደርገው ፕሮላክቲን ይለካሉ፤ የሁለቱም መዛባት የወር አበባን ያስቀራል። ከመጠን ያለፈ ክብደት መቀነስና የበረታ ጭንቀትም እንዲሁ። በእነዚህ ጊዜ ግን ኤፍኤስኤች ከፍ አይልም፤ እንዲያውም ዝቅ ይላል ወይም በመካከለኛ መጠን ላይ ይቆያል። "ጭንቀት ነው፣ ያልፋል" ተብላ የተሸኘችን ሴት ከትክክለኛው ምርመራ ጋር የሚያገናኛት ይህ አንድ የደም ምርመራ ነው።

ምርመራውን በተደጋጋሚ የሚያሳስተው የወሊድ መከላከያ ነው። በየቀኑ የሚዋጡት ኤስትሮጅን ያለባቸው እንክብሎች ኤፍኤስኤችን ስለሚያወርዱ፣ እነርሱ እየተወሰዱ የሚገኝ የደም ውጤት "ደህና" ቢል አያስተማምንም። በተጨማሪም እንክብሉ በየወሩ ደም እንዲታይ ስለሚያደርግ፣ ኦቫሪ ሥራ ቢያቆም እንኳ ሴቷ ላታውቀው ትችላለች። በኢትዮጵያ በብዛት ጥቅም ላይ የሚውለው በየሦስት ወሩ የሚሰጠው መርፌ ደግሞ በተቃራኒው የወር አበባን ራሱ ያስቀራል፤ መርፌው ከተቋረጠ በኋላም ለመመለስ ወራት ሊወስድ ይችላል። ስለዚህ የቀረው የወር አበባ በመርፌው ምክንያት ነው ተብሎ ሲታሰብ እውነተኛው ምክንያት ሳይፈተሽ ሊቆይ ይችላል።

ችግሩ ከተረጋገጠ በኋላ መንስኤውን ለማወቅ ሦስት ምርመራዎች ይደረጋሉ፦ የክሮሞዞም ምርመራ፣ የፍራጃይል ኤክስ የዘር ምርመራ እንዲሁም አድሬናል ዕጢን የሚያጠቁ ጸረ እንግዳ አካላት ምርመራ። የአጥንት ጥግግትም ዴክሳ በተሰኘው አነስተኛ ጨረር በሚጠቀም መሣሪያ ይለካል። ይህ የመጀመሪያ ልኬት ኋላ ላይ ሕክምናው መሥራት አለመሥራቱን ለማወዳደር ያገለግላል።

አንድ ማሳያ

ምርመራው በተግባር እንዴት እንደሚሄድ ለማየት የሚከተለውን ማሳያ መውሰድ ይቻላል። የ31 ዓመት ሴት ለሰባት ዓመታት የወሊድ መከላከያ እንክብል ስትወስድ ቆይታ ልጅ ለመውለድ በማሰብ አቆመችው እንበል። ስድስት ወር ቢያልፍም የወር አበባዋ አልተመለሰም። ሌሊት በላብ ትነቃለች፣ በግንኙነት ጊዜም ሕመም ይሰማታል። መጀመሪያ ላይ "የእንክብሉ ርዝራዥ ነው፣ ታገሺ" ተብላለች። በመሠረቱ እንክብል ካቆሙ ሴቶች አብዛኞቹ በሦስት ወራት ውስጥ የወር አበባቸው ስለሚመለስ፣ ስድስት ወር መጠበቅ በራሱ ለምርመራ በቂ ምክንያት ነበር።

የእርግዝና ምርመራው ነፃ ሆነ። ታይሮይድና ፕሮላክቲንም ደህና ናቸው። ኤፍኤስኤች ግን 68 ሆኖ ተገኘ፤ ኤስትሮጅኗ ደግሞ እጅግ ዝቅተኛ ነው። ሐኪሟ ለማረጋገጥ ከአምስት ሳምንት በኋላ ሲያስደግማት 74 ሆነ። የክሮሞዞም ምርመራው ሁለት ሙሉ ኤክስ እንዳላት አሳየ። ይሁንና የፍራጃይል ኤክስ ምርመራው ከፊል ለውጥ እንዳለባት አመለከተ።

በዚህ ጊዜ ውጤቱ የእርሷ ብቻ መሆኑ ይቀራል። የ26 ዓመት እህቷም ለውጡን ወርሳ እንደሆነ መመርመር ትችላለች፤ ካለባት ኦቫሪዋ ሳይዳከም ለመውለድ ወይም እንቁላል አውጥቶ በማቀዝቀዝ ለማቆየት ልትወስን ትችላለች። ሴቷ ራሷ በተፈጥሮ ካረገዘች ደግሞ ለውጡ በልጁ ላይ ሙሉ ሆኖ ሊገለጥ ስለሚችል የዘር ምክር ያስፈልጋታል።

በዴክሳ ምርመራ የአከርካሪ አጥንቷ ጥግግት በዕድሜ እኩዮቿ ከሚታየው ዝቅ ያለ ቢሆንም አደገኛ ከሚባለው ደረጃ አልደረሰም። እንክብሉ ኤስትሮጅን ስለያዘ ለተወሰነ ጊዜ ሳይጠብቃት አልቀረም። አሁን ግን ምንም ኤስትሮጅን የላትም። በሳምንት ሁለት ጊዜ የሚቀየር ቆዳ ላይ የሚለጠፍ ኤስትሮጅንና በየወሩ ለ12 ሌሊት የሚዋጥ ፕሮጄስትሮን ታዘዘላት። ልጅ ስለምትፈልግ የወሊድ መከላከያ እንክብል አልተመረጠላትም፤ የሆርሞን ምትክ ሕክምና እንቁላል እንዳይለቀቅ አይከለክልምና ያቺ አነስተኛ ዕድል አልተዘጋባትም። በሳምንታት ውስጥ የሌሊት ላቡ ቀነሰ። የአጥንት ምርመራው ከዓመታት በኋላ ይደገማል።

አጥንት ላይ ምን ይደርሳል?

አጥንት ከውጭ ሲታይ ድንጋይ ቢመስልም በየጊዜው የሚፈርስና የሚገነባ ሕያው አካል ነው። አሮጌውን አጥንት የሚያፈርሱ ሕዋሳትና አዲሱን የሚገነቡ ሕዋሳት ጎን ለጎን ይሠራሉ። ኤስትሮጅን የአፍራሾቹን ቁጥርና ዕድሜ ይገድባል። ሲጠፋ አፍራሾቹ ይበዛሉ፤ ገንቢዎቹ ይሞክራሉ እንጂ ሊደርሱባቸው አይችሉም። በየዓመቱ ጥቂት ይጎድላል፤ ውጤቱ የአጥንት መሳሳት ነው።

ዕድሜ እዚህ ላይ ወሳኝ ነው። አጥንት ከፍተኛ ጥንካሬው ላይ የሚደርሰው በ20ዎቹ መጨረሻ አካባቢ ነው። በ50 ዓመቷ ያረጠች ሴት መቀነስ የምትጀምረው ከሙሉ ጎተራ ነው ማለት ይቻላል። በ22 ዓመቷ ኦቫሪዋ የተዳከመ ሴት ግን ጎተራው ሳይሞላ ወጪው ይጀምርባታል። ከዚያም 50 ዓመት እስኪሞላት ድረስ ሌሎች ሴቶች የማያውቁት 28 ዓመት የኤስትሮጅን እጦት ይከተላታል። የሳሳ አጥንት ደግሞ እስኪሰበር ድረስ አያምም፤ ስለዚህ "ምንም አልተሰማኝም" ማለት አጥንቱ ደህና መሆኑን አያሳይም።

ይህ ጉዳት ሊመለስ እንደሚችል በአሜሪካ ብሔራዊ የጤና ተቋማት የተካሄደና በ2014 የታተመ ጥናት አሳይቷል። በጥናቱ የተሳተፉት ያለ ዕድሜ የኦቫሪ መዳከም ያለባቸው 145 ሴቶች ሲጀምሩ የዳሌ መገጣጠሚያ አካባቢ የአጥንት ጥግግታቸው ከጤነኛ እኩዮቻቸው ያነሰ ነበር። በቀን 100 ማይክሮግራም የሚለቅ የኤስትሮጅን ልጥፍ ከፕሮጄስትሮን መሰል መድኃኒት ጋር ለሦስት ዓመታት ከወሰዱ በኋላ ግን ጥግግቱ ከጤነኞቹ ጋር ተስተካከለ።

ካልሲየምና ቫይታሚን ዲ ሕክምናውን ያግዛሉ እንጂ አይተኩትም። በቀን 1,000 ሚሊግራም ገደማ ካልሲየም ይመከራል፤ ወተትና እርጎ፣ በጾም ወራት ደግሞ ጤፍና ጎመን ከምንጮቹ መካከል ናቸው። ቫይታሚን ዲ የሚገኘው በዋነኝነት ከፀሐይ ነው። ስለዚህ ክረምቱ ረጅም በሆነበት የሰሜን አውሮፓና የአሜሪካ ክፍል የሚኖሩ፣ እንዲሁም በባሕረ ሰላጤው አገራት ቀኑን ሙሉ ቤት ውስጥ የሚሠሩ ሴቶች እጥረት ሊኖርባቸው ስለሚችል ምርመራው ይጠቅማቸዋል።

ልብና የደም ሥሮች

ከማረጥ በፊት ሴቶች ከወንዶች ያነሰ የልብ ሕመም የሚያጋጥማቸው በከፊል በኤስትሮጅን የተነሳ ነው። ሆርሞኑ የደም ቅዳ ውስጠኛ ግድግዳ ናይትሪክ ኦክሳይድ የተባለውን ንጥረ ነገር እንዲያመነጭ ያደርጋል፤ ይህም የደም ሥሩ እንደ ልብ እንዲሰፋ ያስችለዋል። ጎጂውን የኮሌስትሮል ዓይነትም ይቀንሳል። ኤስትሮጅን ሲጠፋ የደም ሥሩ ይደነድናል፣ ጎጂው ኮሌስትሮል ከፍ ይላል፣ በግድግዳው ላይ ስብ መጠራቀሙም ቀደም ብሎ ይጀምራል።

በአሜሪካ ሚኒሶታ ግዛት የማዮ ክሊኒክ ተመራማሪዎች ለብዙ ዓመታት የተከታተሏቸው ሴቶች ሁኔታ ይህን በግልጽ ያሳያል። ከ45 ዓመታቸው በፊት ሁለቱም ኦቫሪዎቻቸው በቀዶ ሕክምና የወጡ ሴቶች በሁለት ተከፍለው ታዩ። እስከ 45 ዓመታቸው ድረስ ኤስትሮጅን ያልወሰዱት በልብና በደም ሥር በሽታ የመሞት ዕድላቸው ኦቫሪያቸው ካልወጣ ሴቶች በ84 በመቶ ከፍ ያለ ነበር። ኤስትሮጅን በወሰዱት ላይ ግን ጭማሪ አልታየም። እንዲህ ያለው የክትትል ጥናት ብቻውን መንስኤን አያረጋግጥም። ሆኖም ኤስትሮጅን በደም ሥሮች ላይ ከሚሠራው ሥራ ጋር የሚስማማ ነው።

ስለዚህ ሐኪሞች በምርመራው ጊዜ የደም ግፊትን፣ ክብደትን፣ የኮሌስትሮልና የስኳር መጠንንም ይለካሉ። ማጨስ ኦቫሪንም፣ አጥንትንም፣ ደም ሥርንም ስለሚጎዳ ማቆም ከሕክምናው ጋር አብሮ ይታዘዛል።

የ2002ቱ ፍርሃት ከየት መጣ?

ብዙ ሴቶች የሆርሞን ሕክምና ሲታዘዝላቸው ስለ ጡት ካንሰር ሰምተው ይፈራሉ። አንዳንድ ሐኪሞችም ያመነታሉ። የፍርሃቱ ምንጭ በሐምሌ 2002 (እ.አ.አ) ከታሰበው ጊዜ ቀድሞ የተቋረጠ፣ የሴቶች ጤና ኢኒሼቲቭ የተሰኘ ትልቅ የአሜሪካ ጥናት ነው። ኤስትሮጅንና ፕሮጄስትሮን መሰል መድኃኒት አብረው የወሰዱት ሴቶች ላይ የጡት ካንሰር፣ የልብ ሕመም፣ ስትሮክና የደም መርጋት ጥቂት ጭማሪ ታይቶ ነበር።

ነገር ግን በጥናቱ የተካተቱት ሴቶች ከ50 እስከ 79 ዓመት ሲሆኑ አማካይ ዕድሜያቸው 63 ነበር። ብዙዎቹ ካረጡ ዓመታት አልፏቸዋል፤ የደም ሥሮቻቸውም አስቀድመው ሊጎዱ የሚችሉበት ዕድሜ ላይ ናቸው። ለእነርሱ የተሰጠው ሰውነታቸው ማምረት ካቆመ የቆየ ሆርሞን ነው። የ30 ዓመት ሴት የምትወስደው ግን እኩዮቿ በየቀኑ ከገዛ ኦቫሪያቸው የሚያገኙትን ነው። ስለዚህ የ63 ዓመት ሴትን ውጤት ለእርሷ ማውረስ ትክክል አይሆንም። መመሪያው እንደሚለው ሕክምናው ተፈጥሯዊው የማረጥ ዕድሜ እስኪደርስ ድረስ የጡት ካንሰር ሥጋትን ኦቫሪያቸው ከሚሠራ እኩዮቻቸው በላይ እንደሚያደርግ አልታየም።

ሕክምናው ምን ይመስላል?

የሚተካው ኤስትሮጅን በቆዳ ላይ በሚለጠፍ፣ በሚቀባ ጄል ወይም በሚዋጥ መልክ ይገኛል። መጠኑ ለ55 ዓመት ሴት ትኩሳትን ለማስታገስ ከሚሰጠው ከፍ ይላል፤ አብዛኛውን ጊዜ በቀን 100 ማይክሮግራም የሚለቅ ልጥፍ ወይም ከ2 እስከ 4 ሚሊግራም የሚዋጥ ኢስትራዲዮል ነው። በተግባር ከሚፈጸሙ ስሕተቶች አንዱ እዚህ ላይ ነው። ለትልልቅ ሴቶች የሚታዘዘውን አነስተኛ መጠን ወጣቷ ስትወስድ ትኩሳቱ ሊጠፋላት ይችላል፤ አጥንቷ ግን የሚፈልገውን ላያገኝ ይችላል። ምልክቱ ስለጠፋ ብቻ መጠኑ በቂ ነው ማለት አይቻልም።

ሁለተኛው ስሕተት ማሕፀን ያላት ሴት ኤስትሮጅንን ብቻዋን መውሰድ ነው። ኤስትሮጅን የማሕፀንን ውስጠኛ ሽፋን ያወፍራል፤ ይህ ሳይገታ ከቀጠለ ወደ ካንሰር ሊያመራ ይችላል። ፕሮጄስትሮን ይህን ይከላከላል። በየወሩ ቢያንስ ለ12 ቀናት ለምሳሌ 200 ሚሊግራም ሲወሰድ በኋላው የወር አበባ መሰል ደም ይታያል፤ ይህ ጤናማ ነው። ደም ማየት የማትፈልግ ሴት ፕሮጄስትሮኑን በአነስተኛ መጠን በየቀኑ መውሰድ ወይም ሆርሞን የሚለቅ ሉፕ በማሕፀኗ ማስቀመጥ ትችላለች።

የወሊድ መከላከያ እንክብል ምትክ ሊሆን ይችላል ወይ የሚለው ጥያቄም ይነሳል። እርግዝና ለማትፈልግና እንክብሉን ለምትመርጥ ወጣት አማራጭ ነው። ነገር ግን በብዙዎቹ እሽጎች ከአራቱ ሳምንታት አንዱ ኤስትሮጅን የሌለበት ስለሆነ፣ በተለመደው አወሳሰድ ዓመቱ ሲቆጠር ሩብ ያህሉ ያለ ሆርሞን ያልፋል፤ ሳያቋርጡ መውሰድ ይህን ያስቀራል። በኤድንብራ የተደረገ አነስተኛ ጥናትም ተፈጥሯዊውን የሚመስለው የሆርሞን ምትክ ከእንክብሉ ይልቅ የደም ግፊትን ዝቅ እንዳደረገ አሳይቷል። በሌላ በኩል የሆርሞን ምትክ ሕክምና እርግዝናን አይከላከልም፤ መውለድ የማትፈልግ ሴት ይህን ልብ ማለት ይኖርባታል።

በቆዳ በኩል የሚሰጠው ኤስትሮጅን በጉበት በኩል ስለማያልፍ የደም መርጋትን እንደሚዋጠው አያባብስም። በመሆኑም ማይግሬን፣ የደም ግፊት ወይም ከፍተኛ ክብደት ላለባቸው ሴቶች ይመረጣል። የጡት ካንሰር ታሞ ለሚያውቅ ሴት ግን ሕክምናው በአብዛኛው አይሰጥም፤ አጥንቷና ልቧ በሌላ መንገድ ክትትል ይደረግላቸዋል።

ሕክምናው ከተጀመረ በኋላ መጠኑን ለማስተካከል ኤፍኤስኤችን ደጋግሞ መለካት አያስፈልግም፤ በሕክምናውም ጊዜ ከፍ ብሎ ሊቆይ ይችላል። የሚታየው የሴቷ ደህንነት፣ የደም ግፊቷ፣ የደም መፍሰሷ ሁኔታና የአጥንት ጥግግቷ ነው። ክትትሉ በዓመት አንድ ጊዜ ይደረጋል። አገር የምትቀይር ሴት የምርመራ ውጤቶቿን፣ በተለይም ከሕክምናው በፊት የተገኘውን የኤፍኤስኤች ቁጥርና የመጀመሪያውን የዴክሳ ልኬት ይዛ ብትሄድ፣ አዲሱ ሐኪም ምርመራውን ከመጀመሪያው ለመድገም ብሎ ሕክምናዋን እንዲያቋርጥ አይገደድም።

ሕክምናው 50 ዓመት አካባቢ ሲደርስ አብቅቷል ተብሎ በራሱ አይቆምም። በዚያ ጊዜ ሴቷ ማንኛዋም በተፈጥሮ እንዳረጠች ሴት ትሆናለች። መቀጠል ወይም ማቆም ከሐኪሟ ጋር ሆና ምልክቶቿን፣ አጥንቷንና የራሷን የጤና ታሪክ ተመልክታ እንደ አዲስ የምትወስነው ይሆናል።